መፈልፈያ ጣቢያው ሲሸጥ የሠራተኛው አገልግሎት የት ይገባል?

በጌዴኦ ዞን አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ በሻጭና በገዢ መካከል የሚፈረመው ውል ብዙ ነገር ይዘረዝራል። የመፈልፈያ ማሽኑ ዓይነት፣ ጄኔሬተሩ፣ የማብላያ ገንዳዎቹ፣ የማጠቢያ ቦዩ፣ የማድረቂያ አልጋዎቹ ብዛት፣ መጋዘኑ፣ ሚዛኑ፣ አንዳንዴም የጆንያው ቁጥር ሳይቀር ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ የማይገኘው በጣቢያው ላይ ለዓመታት ያደረው ጥበቃ፣ ማሽኑን የሚያውቀው ኦፕሬተር፣ መዝጋቢውና የመጋዘን ሠራተኛው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጣቢያው መሸጡን የሚሰሙት አዲሱ ባለቤት ቁልፍ ሊረከብ ሲመጣ ነው።

ያን ጊዜ የሚገጥማቸው ነገር ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «እኔ የገዛሁት ንብረት ነው፤ የቀድሞው ሰውዬ ቀጣሪያችሁ ነበር፤ ሒሳባችሁን ከእሱ ጠይቁ» የሚል መልስ ነው። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው፦ «ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ነገር ግን ለቀድሞው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉለት፣ ከእኔ ጋር አዲስ ውል እንፈራረማለን።» ብዙ ሠራተኛ ሁለተኛውን እንደ መልካም ዜና ይቀበለዋል። ሥራው አልጠፋም፣ ደመወዙም አልተቀነሰም። የጠፋው ነገር የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 16 ላይ የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 23 ላይ ደግሞ እነዚሁ ምክንያቶች የሥራ ውልን እንደማያቋርጡ ያስቀምጣል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። በቀላል አማርኛ ሠራተኛው የተቀጠረው በድርጅቱ ነው። የባለቤቱ ስም ሲለወጥ የቅጥር ቀኑ፣ ደመወዙ፣ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድና የአገልግሎት ዘመኑ እንዳሉ ይቀጥላሉ። አዲሱ ባለቤት በቀድሞው ጫማ ገብቶ ይቆማል። የውሉን ሁኔታ መለወጥ ካስፈለገም ሠራተኛው ተስማምቶ በጽሑፍ የሚፈርምበት፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሕግ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ የሚደረግ እንጂ ሽያጩ በራሱ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ይህ ድንጋጌ በብር ሲሰላ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ልግለጽ። ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ በሚገኝ ጣቢያ ላይ 11 ዓመት ያገለገለ ጥበቃ አለ እንበል። ስሌቱ እንዲቀል ደመወዙ በወር 3,000 ብር፣ በቀን 100 ብር ይሁን። ጣቢያው ይሸጣል። ጥበቃው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ፣ ምንም ሳይከፈለው፣ ከአዲሱ ባለቤት ጋር አዲስ ውል ይፈርማል። ከ3 ዓመት በኋላ አዲሱ ባለቤት ከስሮ ጣቢያውን ለዘለቄታው ይዘጋዋል።

ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። መዘጋት ስለሆነ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። የጥበቃው አገልግሎት ሳይቆራረጥ 14 ዓመት ተብሎ ቢያዝ የመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ የቀሪዎቹ 13 ዓመታት 13,000 ብር፣ የ60 ቀኑ 6,000 ብር፣ በድምሩ 22,000 ብር ያገኛል። በአዲሱ ውል መሠረት 3 ዓመት ብቻ ቢቆጠርለት ግን 3,000፣ ከዚያ 2,000፣ ከዚያ 6,000፣ በድምሩ 11,000 ብር ነው። ግማሹ ገንዘብ የቀረው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

የዓመት ፈቃዱም እንዲሁ ይቀንሳል። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። የ14 ዓመት ሠራተኛ 22 ቀን ሲኖረው የ3 ዓመቱ 17 ቀን ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሙከራ ጊዜው ነው። አዲስ ውል ከተባለ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ የሙከራ ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ «አልተስማማኸኝም» ቢባል ማስጠንቀቂያም፣ የስንብት ክፍያም የለም። 11 ዓመት በአንድ ግቢ ያደረን ሰው በሙከራ ቅጥር ማስቀመጥ ለጆሮም ይከብዳል። ሰውየው ከማሽኑ በፊት እዚያ ነበር እኮ!

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው ነገር አለ። ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። እንግዲህ ጥበቃው የመልቀቂያ ደብዳቤውን የጻፈው በእውነት ለመልቀቅ ከሆነ ሻጩ የ11 ዓመቱን 13,000 ብር፣ ያልወሰደውን ፈቃድ በገንዘብ ለውጦና ያደረ ደመወዝ ካለም ጨምሮ መክፈል ነበረበት። የመክፈያ ጊዜውም ውሉ ከተቋረጠ በኋላ 7 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ዓመታቱ ተከፍለው ይዘጋሉ፤ ወይ ሳይከፈሉ ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋሉ። ሻጩ ሳይከፍል፣ ገዢውም ሳይቀበል ዓመታቱ በመሐል የሚተኑበት ሦስተኛ መንገድ በሕጉ ውስጥ የለም። በተግባር የምናየው ግን ይኸው ሦስተኛው ነው።

ገዢዎች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። «እኛ የገዛነው ድርጅት ሳይሆን ንብረት ነው» ይላሉ። መሬቱ አይሸጥም፤ የተሸጠው በላዩ ያለው ግንባታና ማሽን ነው። ለዚህ መልሱ ያለው አዋጁ ለ«ድርጅት» በሰጠው ትርጉም ውስጥ ይመስለኛል። ድርጅት ማለት በአንድ አመራር ሥር ሆኖ የንግድ፣ የኢንዱስትሪ፣ የእርሻ ወይም ሌላ ሕጋዊ ሥራ ለማከናወን የተቋቋመ ነው። ስለዚህ ሊታይ የሚገባው የውሉ ርዕስ ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ በቦታው የሚካሄደው ሥራ ነው። በመጪው ጥቅምት እሸት ቡና በዚያው ሚዛን ተመዝኖ፣ በዚያው ማሽን ተፈልፍሎ፣ በዚያው ገንዳ በልቶ፣ በዚያው አልጋ ላይ ከተሰጣ የተላለፈው ድርጅቱ ነው፤ የሠራተኛው ውልም አብሮ ተላልፏል። ማሽኑ ተነቅሎ ሌላ ዞን ከተወሰደና ቦታው ባዶ ከቀረ ግን ንብረት ተሽጧል፣ ድርጅቱም ተዘግቷል። ያን ጊዜ ሻጩ የስንብት ክፍያውን ከ60 ቀኑ ጭማሪ ጋር ይከፍላል። በሁለቱም መንገድ ከፋይ አለ።

ሌላው የገዢዎች ቅሬታ «እኔ ላልተጠቀምኩበት 11 ዓመት ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ነው። ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በሽያጭ ዋጋው ውስጥ መገኘት አለበት። ጣቢያ የሚገዛ ሰው የማሽኑን ዕድሜና የአልጋውን ሽቦ መርምሮ ዋጋ ያስቀንሳል። በዚያው መንገድ ቋሚ ሠራተኞቹ ስንት ናቸው፣ መቼ ተቀጠሩ፣ ስንት ቀን ፈቃድ ቀራቸው፣ ደመወዝ አድሮባቸዋል ወይ ብሎ መጠየቅና የተጠራቀመውን አስልቶ ከዋጋው መቀነስ ይችላል። በተለይ የጡረታ መዋጮውን ማየት አለበት። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቀንሶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ መሆን ነበረበት። ከሠራተኛው ተቀንሶ ገቢ ያልተደረገ መዋጮ ካለ የሚታወቀው በገቢ ደረሰኝ ስለሆነ ገዢው በአፍ ቃል መርካት የለበትም። ሻጭና ገዢ «የድሮውን ዕዳ ሻጭ ይከፍላል» ብለው ቢዋዋሉም ውሉ እነሱን ያስራል እንጂ ያልፈረመውን ሠራተኛ አያስርም።

አዋጁ እዚህ ላይ አንድ ክፍተት ትቷል ብዬ አምናለሁ። ውሉ እንደማይቋረጥ ይናገራል፤ ነገር ግን ከሽያጩ በፊት ላደረው ዕዳ ሻጭና ገዢ በአንድነት ይጠየቁ እንደሆነ በዝርዝር አያስቀምጥም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሠራተኛው ውል ወደ ገዢው እንዲያልፍ ሲያዝ፣ አባል አገሮች ሻጩንም ከገዢው ጋር በአንድነት ተጠያቂ እንዲያደርጉ በር ከፍቶላቸዋል። እኛ ጋር ይህ እስኪጻፍ ድረስ ክስ የሚያቀርብ ሠራተኛ ሁለቱንም በአንድ ክስ መጥራቱ ይሻለዋል። አንዱን ብቻ ከሶ «ዕዳው የሌላው ነው» ሲባል ጊዜው ያልፍበታልና።

ጊዜው ያልኩት ይርጋውን ነው። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ነው። በጌዴኦ ብዙ አለመግባባት የሚፈታው በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ሰው ሳይቆራረጥ ነገር ያልቃልና። ይሁን እንጂ በሽማግሌ ፊት የሚደረግ ንግግር ይርጋውን አያቆምም። ይርጋውን የሚያቋርጡት ሥልጣን ላለው የሥራ ክርክር ሰሚ አካል የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም ሌላኛው ወገን ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ናቸው። አባቶች ነገሩን ሲይዙት «መኸሩ ሲደርስ እከፍላለሁ» የሚለውን ቃል በወረቀት አስፍረው፣ መጠኑን ጽፈው፣ ባለዕዳውን ቢያስፈርሙት የሠራተኛው መብት ይጠበቃል። ቃሉ በአፍ ብቻ ከቀረ ግን ጣቢያው በሚያዝያ ተሽጦ ሽምግልናው እስከ ጥቅምት ከዘለቀ 6 ወሩ አልቋል።

ሠራተኛው ማስረጃ የለኝም ብሎ መሸሽም የለበትም። በገጠር ጣቢያ ብዙ ቅጥር በቃል ነው። አዋጁ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛውን መብቱን እንደማያሳጣው በግልጽ ይናገራል። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ያለ ፊርማ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የመጋዘን መረከቢያ ሰነድ፣ የእሸት ቡና መግዣ ካርኒ ላይ ያለ የመዝጋቢው ፊርማ ሁሉ ሰውየው ከመቼ ጀምሮ እንደሠራ ይናገራሉ። ችግሩ እነዚህ ሰነዶች ያሉት በሻጩ እጅ መሆኑ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ጣቢያውን ሸጦ ይሄዳል። ስለዚህ ሽያጩ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ሠራተኛው የመጀመሪያ ሥራው የተቀጠረበትን ቀንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መጠየቅ ነው።

በመኸር ወራት ብቻ የሚመጡት አጣቢዎችና አልጋ ላይ የሚለቅሙት ሴቶች ነገር ይለያል። ሥራቸው በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ስለሆነ በሕጉ ለተወሰነ ጊዜ ሊቀጠሩ ይችላሉ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ውላቸውም ያልቃል። ጣቢያው በመኸር መካከል ከተሸጠ ግን እስከ ወቅቱ መጨረሻ ያለው ሥራቸው ወደ አዲሱ ባለቤት ይሻገራል፤ የሠሩበት ያልተከፈለ ሒሳብም እንዲሁ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። የእነሱ ጥያቄ ከሁሉ ቶሎ የሚጠፋው ነው፤ በየቀኑ የተለቀመው ኪሎ የሚመዘገብበት ደብተር አንድ ጊዜ ከጠፋ ማንም አያስታውሰውም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ግል ጣቢያ ነው። አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚነካው ግን የኅብረት ሥራ ማኅበር መቀላቀል ነው፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው ራሱ አርሶ አደሩ ነውና። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል የሆኑትም ሆኑ ያልሆኑት መሠረታዊ ማኅበራት ሒሳብ ሠራተኛ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ኦፕሬተር ይቀጥራሉ። ሁለት ማኅበራት ሲቀላቀሉ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት መብታቸውም ግዴታቸውም ወደ አዲሱ ማኅበር ይተላለፋል። ከግዴታዎቹ አንዱ የሠራተኛው ውል ነው።

በውሕደት ጊዜ እውነተኛ ችግር ይፈጠራል። ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሒሳብ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ማኅበሩ የሚያስፈልገው አንድ ነው። ቦርዱ «ሁላችሁም እንደ አዲስ ተወዳደሩ» ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ነባር ውላቸውን ማፍረሱ ነው። ትርፍ የሆነውን ሠራተኛ መቀነስ የሚቻለው ሕጉ ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ባስቀመጠው ሥርዓት፣ በችሎታና በምርታማነት አወዳድሮ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶና የሚገባውን ከፍሎ ነው። ይህ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ ከአባላቱ የትርፍ ክፍፍል ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ለውሕደት እጅ ከማውጣቱ በፊት የሁለቱም ማኅበራት የኦዲት ሪፖርት የሠራተኛ ውዝፍን ማሳየት አለበት። አንዱ ማኅበር ንጹሕ ሒሳብ ይዞ፣ ሌላው የሦስት ሠራተኛ ያልተከፈለ ሒሳብ ደብቆ ቢመጣ የኋለኛውን ዕዳ የፊተኛው አርሶ አደር ይካፈለዋል። ማኅበር ሲከፈልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሚዛኑና ገንዳው ለማን እንደደረሰ ሲጻፍ ሠራተኛውም ለየትኛው ወገን እንደደረሰ በውሳኔው ውስጥ መግባት አለበት።

ቡናውን ለግል ጣቢያ በዱቤ የሚያስረክበው አርሶ አደርም ከዚህ አንድ ነገር መገንዘብ አለበት። አዋጁ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዲያገኝ ያደርጋል። ባለቤቱ ከስሮ ጣቢያው ቢሸጥ ከሽያጩ ገንዘብ በቅድሚያ የሚታየው የሠራተኛው ጥያቄ ነው፤ የእሸት ቡና ዋጋ ያልተከፈለው አርሶ አደር ከኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ ጥበቃው ደመወዝ ካገኘ አራት ወር ሆነው የሚል ወሬ ከጣቢያው ሲሰማ፣ ለአርሶ አደሩ ቡናውን በዱቤ ከማስረከብ እንዲቆጠብ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ችግር የጎረቤት ችግር ብቻ አይደለም።

ወደ ወረዳዎቻችን ልመለስ። የበበቃና የሊሙ ቡና ልማት ከመንግሥት ወደ ሆራይዘን ፕላንቴሽንስ ሲተላለፉ ነገሩ አገር የሚያውቀው፣ በመንግሥት ተቋም በኩል ያለፈ ሽያጭ ነበር። በኮቸሬ ወይም በገደብ ያለ አንድ መፈልፈያ ጣቢያ ሲሸጥ ግን ከሁለት ሰዎችና ከጥቂት ምስክሮች ሌላ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ገዢው ሳይፈልግ የግድ የሚያንኳኳቸው በሮች አሉ። የንግድ ፈቃዱን በስሙ ማድረግ አለበት። ከመኸሩ በፊት ጣቢያው ለሥራ ብቁ መሆኑ ይታያል፤ የወረዳው ባለሙያዎች ማሽኑን፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ጉድጓዱን፣ አልጋዎቹን አይተው ነው ለግብይት የሚያሳልፉት።

የእኔ ሐሳብ በዚሁ ምርመራ ላይ አንድ ወረቀት እንዲጨመር ነው። ጣቢያው ባለቤት ቀይሮ ከሆነ ባለሙያው ሻጭ፣ ገዢና እያንዳንዱ ቋሚ ሠራተኛ የፈረሙበት ዝርዝር ይጠይቅ። በዝርዝሩ ላይ የሠራተኛው ስም፣ የተቀጠረበት ቀን፣ ደመወዙ፣ የቀረው የፈቃድ ቀን፣ የጡረታ መዋጮው እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ ይጻፍ። ከጎኑ ደግሞ «ተከፍሎ ተዘግቷል» ወይም «ወደ አዲሱ ባለቤት ተላልፏል» ከሚሉት አንዱ ላይ ምልክት ይደረግ። አንዱ ቅጂ በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በሠራተኛው እጅ ይቅር። ለወረዳው የሚያስወጣው ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቡና ባለሙያው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ሊል ይችላል፤ ትክክልም ነው፣ የሥራ ውልን መዳኘት የእሱ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ጣቢያው ባለቤት መቀየሩን በዓይኑ የሚያየው እሱ ነው፤ የሥራና ክህሎት ባለሙያው የሚሰማው ሠራተኛው ከተባረረ በኋላ፣ አንዳንዴም 6 ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። የዘንድሮው የጣቢያዎች ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች በዚህች አንድ ወረቀት ላይ ቢነጋገሩ ጊዜው አሁን ነው።